የቤት ውስጥ የአሸዋ ውሃ ማጣሪያ በሥዕል፦ ስለ ፖስተሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፖስተሩ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል አለው። ዙሪያውን ደግሞ ስድስት ትንንሽ ሥዕሎች አሉ። ቃላቱ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከመምህራንና ማጣሪያውን ቤታቸው ካስገቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመጡልንን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል።

ፖስተሩ ስለ የትኛው ማጣሪያ ነው?

ባዮሳንድ ስለሚባለው ነው። ከውጭ ሲታይ ወገብ አካባቢ የሚደርስ የሲሚንቶ ሳጥን ነው፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ውስጡ አሸዋና ጠጠር ነው። ከፊቱ ቀጭን ቱቦ ብቅ ብሎ ውሃው በዚያ ይወርዳል። መብራት አይፈልግም፣ በየጊዜው ተገዝቶ የሚቀየር ዕቃም የለውም።

በአሸዋ ውሃ ማጣራት አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1829 ለከተማው ሕዝብ በትልልቅ የአሸዋ ገንዳ ማጣራት ጀምራለች። ችግሩ የገንዳው ዘዴ ውሃ ሌት ተቀን ሳይቋረጥ እንዲፈስበት ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ጠዋት አንድ ባልዲ ማታ አንድ ባልዲ ነው የሚያፈሰው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ማንዝ የተባሉ መሐንዲስ ዘዴውን አሳንሰው እየቆመም እየሠራም እንዲኖር አደረጉት። ይህን ያስቻለው አሸዋው ላይ ሁልጊዜ የሚቀረው ትንሽ ውሃ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የሸክላ ማጣሪያ ወይም ባለ ሻማ የፕላስቲክ ባልዲ ካላችሁ ግን ይህ ፖስተር ለእናንተ አይሆንም። የእነሱ አያያዝ ሌላ ነው።

በትልቁ ሥዕል ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

ውሃው የሚሄድበት መንገድ። ከላይ ክዳን አለ። ከሱ ሥር ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ሳህን ተቀምጧል። ከባልዲ የሚፈሰው ውሃ አሸዋውን እንዳይቆፍረው ሳህኑ ጉልበቱን ይሰብርለታል። ቀጥሎ አሸዋው፣ 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ እና ታች ሁለት ዓይነት ጠጠር፣ እያንዳንዳቸው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጠጠሩ አያጣራም። ሥራው አሸዋው ወደ ቱቦው እንዳይገባ መያዝ ነው። ቱቦው ከሥር ተነስቶ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ከአሸዋው ከፍ ብሎ በውጭ በኩል ያፈሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሁን ያፈሰሱት ውሃ አሁን የሚወጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል 12 ሊትር ያህል ውሃ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ከላይ የሚያፈሱት ባልዲም ልኩ 12 ሊትር ነው። አዲሱ ሲገባ የቆየውን እየገፋ ያስወጣዋል፣ እሱም በቆየው ቦታ ተተክቶ ይቀራል። ማታ ያፈሰሱትን ጠዋት ነው የሚጠጡት። ለዚህ ነው በሥዕሉ ላይ የሚገባውን ጠብታ ጥቁር፣ የሚወጣውን ነጭ አድርገን በአሸዋው ውስጥ ደግሞ ነጩ ጠብታ ከታች፣ ጥቁሩ ከላይ የተደረደረው።

ታዲያ ጀርሙ የት ይቀራል?

አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በአሸዋው የላይኛው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። እዚያ ሕያው ሽፋን ይፈጠራል። ከውሃው ጋር የመጡ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን እዚያው ኑሯቸውን መሥርተው በሽታ የሚያመጡትን ይበሏቸዋል። የጥገኛ ትላትል እንቁላልና ሌላው ትልቅ ነገር በአሸዋው መካከል ማለፍ አቅቶት ይቀራል። ሌሎቹ አሸዋው ላይ ይለጠፋሉ። ወደ ታች የዘለቁት ደግሞ ምግብም አየርም ስለማያገኙ እዚያው ይሞታሉ።

ማጣሪያው ሕይወት ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ከቧንቧ በክሎሪን የታከመ ውሃ ወይም በረኪና አሸዋው ላይ ከፈሰሰ ያ ሽፋን ይሞታል። ክሎሪኑ የሚጨመረው ከተጣራ በኋላ፣ የተጣራው ውሃ በሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥ ነው።

ጀርሞቹን ለምን አልሳላችኋቸውም?

መጀመሪያ ሁላችንም የምንስለው እነሱን ነው፤ ጥርስ ያላቸው፣ ጸጉራም፣ በአጉሊ መነጽር ክብ ውስጥ የተቀመጡ። ችግሩ አጉሊ መነጽርን የማያውቅ ሰው የሚያየው ትልቅ ነፍሳት ነው። «እኛ ውሃ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይላል። ልክ ነው፣ የለም። በዚያ ላይ የእሱ ውሃ ያን ነገር ስለሌለው ንጹሕ ነው ብሎ ይደመድማል፣ ፖስተሩም ከታሰበው በተቃራኒ ይሠራል ማለት ነው።

ስለዚህ ጀርሙን ትተን የሚመጣበትን ሳልን። ወንዝ ዳር የቆሙ ከብቶች፣ ከነሱ ጎን ጀሪካን የምትሞላ ልጅ። ይህን ለማንበብ ማንም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም።

ስድስቱ ትንንሽ ሥዕሎች ምንድን ናቸው? ቃላቱስ ለምን እንዲህ አነሱ?

እያንዳንዱ ሥዕል አንድ ሥራ ነው፣ ከሥሩም አንድ ግስ ብቻ አለ፦ ያጥልሉ፣ ያፍስሱ፣ ይጠብቁ፣ ይቅዱ፣ ያክሙ፣ ያጽዱ። ከነዚህ ሌላ «3 ጣት»፣ «60 ደቂቃ» እና «30 ቀን» ተጽፏል። አለቀ።

ቃል ያነሰው ቦታ ስለጠበበ አይደለም። ማንበብ የሚችለው ሰው ጽሑፍ ካየ ሥዕሉን አያይም፣ ማንበብ የማይችለው ደግሞ ጽሑፍ ሲበዛ «ይህ ለተማረ ነው» ብሎ ይተወዋል። የክፍሎቹን ስም መጻፍም አስበን ነበር። ነገር ግን ቀዳዳ ያለውን ሳህን ስም ያወቀ ሰው ውሃው የተሻለ አይጣራለትም። ሳህኑን መልሶ ማስቀመጥ እንዳለበት ያወቀ ነው የሚጠቀመው። ለዚህ እጅ አለበት፦ በየሥዕሉ ላይ ሥራውን የሚሠራ እጅ ይታያል።

የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ያለው ጠርሙስ ምን ይሠራል?

ውሃው ድፍርስ ከሆነ አሸዋው ቶሎ ይደፈናል። መጥለል የሚያስፈልገው መሆኑን ለማወቅ ንጹሕ የ2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ደማቅ ትልቅ ጽሑፍ ላይ አቁሙት፣ ከአፉ ወደ ታች ተመልከቱ። ጽሑፉ የማይለይ ከሆነ ውሃውን ባልዲ ውስጥ አሳድሩትና ጥሉሉን ብቻ ቅዱ። ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ፖስተሩ ጥግ ላይ ጥቁር ኮከብ አለ። በጠርሙሱ ውስጥ ኮከቡን ካዩት ይበቃል።

«3 ጣት» ምን ማለት ነው?

ከፖስተሩ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ማጣሪያው ማንጠባጠቡን ሲያቆም ከአሸዋው በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ መቅረት አለበት። የአዋቂ ሰው ሦስት ጣት ጎን ለጎን ሲጋደም ወርዱ ወደዚያ ይቀርባል። ሥዕሉም ያንን ያሳያል፦ የተጋደሙ ሦስት ጣቶች በአሸዋውና በውሃው ገጽ መካከል። ማስመሪያ ስለን ነበር፣ ማስመሪያ ግን በየቤቱ የለም።

5 ሴንቲ ሜትር የተመረጠው በምክንያት ነው። ውሃው ከዚያ በጣም ከወፈረ አየር ወደ ሕያው ሽፋኑ አይደርስም፣ ሽፋኑም ይታፈናል። በጣም ከሳሳ ደግሞ ሲሞቅ ሊደርቅ ይችላል፣ ውሃ ሲፈስበትም አሸዋው ይታወካል። የውሃውን ከፍታ የሚወስነው የቱቦው አፍ ያለበት ቦታ ስለሆነ ሰው በየቀኑ የሚያስተካክለው ነገር የለም። የሚስተካከለው አሸዋው ነው፦ ውሃው ከበዛ አሸዋ ይጨመራል፣ ካነሰ ከላይ ይነሳል።

ይህን የሚያበላሸው ትንሽ ነገር አለ። ጀሪካኑ ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ሰዎች ቱቦው ላይ ጎማ ይሰካሉ። ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ውሃውን እየሳበ ይወስደዋል፣ ከአሸዋው በላይ ያለው ያልቃል፣ አሸዋውም ይደርቃል። አንድ ቀን አድሮ ሽፋኑ ሞቷል። ሳጥኑን ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፣ ውሃውም ጥርት ብሎ ይወርዳል። ለማወቅ ክዳኑን ከፍቶ ሳህኑን አንስቶ ማየት ነው። ቧንቧ መግጠምም አይሆንም፣ ቱቦው ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት። በፖስተሩ ላይ የተሰካ ጎማና የተገጠመ ቧንቧ ጎን ለጎን ተስለው የተሰረዙት ለዚህ ነው።

ለምን ሰዓት አልሳላችሁም? ስኒዎቹስ ምንድን ናቸው?

አንድ ባልዲ ከተጣራ በኋላ ማጣሪያው ቢያንስ 1 ሰዓት ማረፍ አለበት። በዚያ ጊዜ ነው ተሕዋስያኑ የመጣላቸውን የሚበሉት። ማረፊያው ከ48 ሰዓት ግን አይለፍ፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ሽፋኑ ራሱ ይራባል።

ይህን በግድግዳ ሰዓት ሥዕል ማሳየት አልተቻለም። ሰዓት ላይ ያለው ቆጣሪ የሚነግረው ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው፣ ስንት መቆየት እንዳለብን አይደለም። «1 ሰዓት» ብለን ስንጽፍበት ደግሞ ብሶበት «ጠዋት በ1 ሰዓት ይፈስ ማለት ነው» ተብሎ ተነበበ። አንዳንዱም ጠዋት 1 ሰዓት ነው ወይስ ማታ ብሎ ጠየቀ። ሰዓቱን አወጣንና ረከቦትና ሦስት ስኒ አስገባን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናው ተፈልቶ በረካው እስኪጠጣ አንድ ሰዓት ይሞላል፣ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ከሥሩ «60 ደቂቃ» የሚለው ለሚያነብ ሰው ነው። ቡና በዚህ ሥርዓት በማይፈላበት አካባቢ ከሆናችሁ ሥዕሉን ቀይሩት፣ እናንተ ዘንድ ይህን ያህል የሚቆይ ሥራ ፈልጉ።

የጨረቃዋ ሥዕልስ?

አዲስ የተተከለ ማጣሪያ መጀመሪያ ላይ ሕያው ሽፋን የለውም። ሽፋኑ በደንብ እስኪጠነክር እስከ 30 ቀን ይፈጃል። ጨረቃዋ ከቀጭን ተነስታ ሞልታ እንደገና ቀጭን ስትሆን አንድ ወር ነው፣ በየገጠሩም የሚታወቅ ቆጠራ ነው። በነዚህ ቀናት ውሃው ይጣራል፣ ነገር ግን ከተጣራ በኋላ በውሃ አጋር ወይም በሌላ የክሎሪን ማከሚያ መታከም አለበት፣ መጠኑም ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው።

ከወሩ በኋላም ማከሙ እንዲቀጥል እንመክራለን። ቫይረስ በጣም ትንሽ ስለሆነ ማጣሪያው በደንብ ሲሠራም ከፊሉ ሊያመልጠው ይችላል።

ሁለቱ የውሃ ዕቃዎች ለምን አይመሳሰሉም?

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ይህ ሥዕል ነው፣ እንዴት እንደተስተካከለ መናገሩም ለሌላ ፖስተር ሠሪ ይጠቅማል።

መልእክቱ ቀላል ነው፦ ከወንዝ በቀዳችሁበት ዕቃ የተጣራውን አትቀበሉ። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለቱም ተራ ጀሪካን ነበሩ፣ አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ። ኮምፒውተር ላይ ግሩም ነበር። ፖስተሩ ግን ቀበሌ ሲደርስ በፎቶ ኮፒ ተባዛ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ፣ ሰውም «አንዱ ጀሪካን እዚህም እዚያም አለ» ብሎ አነበበው። ማለትም የከለከልነውን ነገር እንዲያደርጉ የነገርናቸው ያህል ሆነ።

በሁለተኛው ሙከራ በወንዙ ጀሪካን ላይ ትልቅ ኤክስ አደረግን። አሁን ደግሞ «ጀሪካን አትጠቀሙ» ተባለ። አንዲት እናት «ታዲያ በምን ልቅዳ?» አሉን።

አሁን ያለው ሦስተኛው ነው። የወንዙ ዕቃ ክዳን የሌለው ጀሪካን ነው፣ የተጣራው ዕቃ ደግሞ ክዳንና ከታች ቧንቧ ያለው ባልዲ። ቀለም የለም፣ ልዩነቱ በቅርጽ ነው። ኤክሱ ከጀሪካኑ ላይ ተነስቶ ጀሪካኑ በማጣሪያው ቱቦ ሥር የተቀመጠበት ሥዕል ላይ ሆነ። የሚሰረዘው ዕቃው ሳይሆን ድርጊቱ መሆኑ የታየው ያኔ ነው። አሁን ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ ቢወጣም ይነበባል።

ማጣሪያው ቀስ ሲል ምን ይደረጋል?

ስድስተኛው ሥዕል ነው። መጀመሪያ ግን በእርግጥ ቀስ ማለቱን አረጋግጡ። ከላይ እስከ አፉ ሙሉት፣ ወዲያው ቱቦው ሥር የአንድ ሊትር ዕቃ ያዙ። በጤናው ጊዜ አንድ ሊትር ለመሙላት 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል። 10 ደቂቃ ከደረሰ አሸዋው ተደፍኗል። በጣም ከፈጠነም ጥሩ ምልክት አይደለም፣ አሸዋው ሻካራ ነው ማለት ስለሆነ ማጣሪያውን የተከለውን ባለሙያ ጥሩ።

ከተደፈነ፣ ሳህኑን አንሱ። ውሃው ትንሽ ከሆነ 4 ሊትር ያህል ጨምሩ። በታጠበ እጅ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ የአሸዋውን ገጽ ብቻ እየነካካችሁ በክብ አዙሩት፣ ወደ ውስጥ አትቆፍሩ። ውሃው ሲደፈርስ በኩባያ እየጨለፋችሁ ድፉት። መፍሰሱ እስኪመለስ ድገሙት፣ ከዚያ አሸዋውን አስተካክላችሁ ሳህኑን መልሱ። ሽፋኑ ስለተነካ እንደገና እስኪያገግም ድረስ ውሃውን ሳታክሙ አትጠጡ። አሸዋውን አውጥቶ ማጠብ በፍጹም አያስፈልግም፤ እንደ አዲስ መጀመር ነው የሚሆነው።

ፍሎራይድ ወይም ጨው ያለበትን ውሃ ያጣራል?

አያጣራም። በውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር በአሸዋው መካከል ከውሃው ጋር አብሮ ያልፋል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፣ ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ልጆች ጥርሳቸው ሲበልዝ እናያለን። ለዚያ ሌላ ዓይነት ሕክምና ወይም ሌላ የውሃ ምንጭ ያስፈልጋል።

በዚህ ምክንያት የሚያብለጨልጭ ብርጭቆ ፖስተሩ ላይ የለም። ብዙ ሰው ጨምሩት ይለናል፣ ያምራልም። ግን «ጥርት ካለ ንጹሕ ነው» ብሎ ያስተምራል። ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ጥርት ያለ ነው።

ሰው ሥዕሉን መረዳቱን እንዴት ታውቃላችሁ?

«ገብቶዎታል?» ብለን አንጠይቅም። ሰው እንግዳን ላለማሳፈር «አዎ» ይላል። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እናሳይና «ምን ይታይዎታል?»፣ ቀጥሎ «ይህን ካዩ በኋላ ቤትዎ ምን ያደርጋሉ?» እንላለን። ሰውየው የተናገረውን በራሱ ቃል እንጽፋለን፣ አናርምም። ከሦስት ሰው ሁለቱ በትክክል ካላነበበው ሥዕሉ ይቀየራል። እንደ «3 ጣት» ባለው ላይ ግን በዚህ አንረካም፣ ሰውየው ማጣሪያው ጋ ሄዶ በጣቱ እንዲለካ እናደርጋለን።

ወረቀቱ ራሱም ሊያዘናጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመ አንድ ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚኖሩና በዚያን ጊዜ ሥዕል ብዙም ላላዩ የምዕኒት ሰዎች የእንስሳት ሥዕል ቀርቦላቸው ነበር። ወረቀት ሲሰጣቸው ወረቀቱን መዳሰስና ማሽተት ያዙ፤ እንግዳ ዕቃ ነበራ። በጨርቅ ላይ የተሳሉትን ግን ቀስ ብለው፣ ክፍል በክፍል እየተመለከቱ አብዛኞቹ እንስሳውን ለዩት። ዛሬ ስልክ በየኪሱ ነው፣ ሁኔታው ተለውጧል። ቢሆንም ሥዕል ያልገባውን ሰው ሳይሆን ሥዕሉን መጠራጠር ከዚያ የወሰድነው ልማድ ነው።

ለአካባቢያችን እንዲሆን ብንቀይረውስ?

ቀይሩት። ልብሱን፣ ቤቱን፣ ወንዙን፣ ቡናውን፣ ቋንቋውን ሁሉ። ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ለለመዱ ሰዎች የምታዘጋጁ ከሆነ የስድስቱን ቅደም ተከተል ገልብጡ፣ አለበለዚያ ከማጽዳት ጀምረው በማጥለል ይጨርሳሉ። ሦስቱን ጣቶች፣ የጎማውን ክልከላና ክሎሪኑ ከማጣሪያው በኋላ መምጣቱን ግን አትንኩ። ሲታተም ቢያንስ ኤ3 ይሁን፣ የሚለጠፈውም ማጣሪያው በቆመበት ግድግዳ ላይ፣ ክዳኑን የሚከፍተው ሰው ዓይን ትይዩ።